የአስር ቤትና የአንድ ቤት በጭራሮ፦ ለሁለተኛ ክፍል መምህራን ዝርዝር መመሪያ

«25 ጻፉ» ስትሏቸው ይጽፋሉ። «የአስር ቤት ላይ ያለው ማን ነው?» ስትሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሁለት!» ይላል። እስኪ አንዱን ልጅ ጠርታችሁ 25 ጭራሮ ፊቱ አስቀምጡና «ይቺ 2 የትኞቹን ጭራሮዎች ነው የምትለው?» በሉት። ሁለት ጭራሮ ያነሳል። ሃያዎቹ እዚያው ተቀምጠው ይቀራሉ።

ይህ መመሪያ ለዚያ ልጅ ነው። ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር የመጀመሪያውን ዓመት በዚሁ ነገር ተሸውጃለሁ። ጭራሮውን ቤቴ ቁጭ ብዬ አስር አስር እያደረግሁ አስሬ ነበር ይዤ የገባሁት። ልጆቹ አልቆጠሩትም፣ አላሰሩትም። እኔ ያሰርኩት እስር ለእነሱ አንድ ወፍራም እንጨት ነው። ስለዚህ ከታች ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ እስሩን ልጆቹ ራሳቸው ይሰሩ።

ሥራው አራት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ደረጃ 1 እና 2 በመጀመሪያው፣ ደረጃ 3 በሁለተኛው፣ መልመጃ ወረቀቱ በሦስተኛው፣ ደረጃ 5 በአራተኛው። በአንድ ቀን ልጨርስ ካላችሁ ማሰሩ ላይ ጊዜው ያልቅና ቁጥሩ ጋ ሳትደርሱ ደወል ይደወላል።

ዝግጅት

*ጭራሮው*

የባህር ዛፍ ጭራሮ ይበቃል። ደሴ ላይ ችግር የለም፤ ከሰኞ ገበያ አንድ ሸክም መግዛት ይቻላል፣ ልጆቹም ከቤት ያመጣሉ። ከእርሳስ ቀጠን ያለ፣ ርዝመቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይሁን። ከዚያ ካጠረ ሲታሰር ይሾልካል። ከረዘመ ደግሞ ጎራዴ ይሆንላችኋል፤ ሁለተኛ ክፍልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በመስከረም የተቆረጠ ጭራሮ እርጥብ ነው። ዛሬ ጥብቅ አድርጋችሁ ብታስሩት በሳምንቱ ደርቆ ይቀጥናል፣ እስሩ ይላላል፣ አንድ ሁለቱ ሾልኮ ይወድቃል። ከዚያ «አስር ነው» ያላችሁት እስር ስምንት ሆኖ ይገኛል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ኮምቦልቻ ያላችሁ የማሽላ አገዳ ቀርቦላችሁ ሊሆን ይችላል። ተዉት። ሲሰነጠቅ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ሲታሰርም ይደቅቃል። ስቲኪኒ ይወጋል፣ የክብሪት እንጨት ደግሞ ለእነዚያ ጣቶች በጣም ትንሽ ነው።

ጭራሮውን ቀለም አትቀቡት። አንዳንዱ መምህር አስሩን በቀይ እንጨት፣ አንዱን በነጭ እንጨት ይወክላል። ያ ለኋላ ነው። አሁን ልጁ ማየት ያለበት እስሩ ውስጥ ያሉት ጭራሮዎች ውጭ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸውን ነው።

*ስንት ያስፈልጋል?*

ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ይቀመጣሉ። 18 ዴስክ ማለት ነው። ለአንድ ዴስክ 50 ጭራሮ፣ በጠቅላላው 900። እያንዳንዱ ልጅ 20 ጭራሮ ይዞ ይምጣ ብትሉ 1080 ይሆናል። የሚረሳና የሚሰብር ስላለ ትርፉ አይበዛም።

*ማሰሪያው*

ለአንድ ዴስክ አምስት ላስቲክ። የብር ማሰሪያው ላስቲክ ይሠራል፣ ግን ይበጠሳል፣ ልጆቹም ይወነጫጨፉበታል። እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ የተጣለ የጎማ የውስጥ ላስቲክ እለምናለሁ። በመቀስ አግድም ግማሽ ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ስትቆርጡት ቀለበት ይሆናል። ከላላ ሁለት ዙር ይዙር። አንድ ጎማ ለሙሉ ክፍል ይተርፋል። ክር አትጠቀሙ፤ ቋጠሮ ማሰርና መፍታት ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል።

*ምንጣፉ*

ለእያንዳንዱ ዴስክ ከፓስታ ካርቶን አንድ ገጽ ቁረጡ። መሃሉ ላይ ቁልቁል መስመር አስምሩ። ከግራ በኩል «አስር»፣ ከቀኝ በኩል «አንድ» ብላችሁ ጻፉ። ካርቶን ከጠፋ ዴስኩ ላይ በጠመኔ ማስመር ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ልጆች ፊት ለፊት ተያይተው ከተቀመጡ ከወዲያ በኩል ላለው ልጅ ግራው ቀኝ ነው። አስር ቤት በቀኙ ይሆንበታል፣ 23ን 32 ብሎ ይጽፋል፣ እናንተ ደግሞ «ይህ ልጅ ቁጥር ይገለብጣል» ትላላችሁ። ሦስቱም በአንድ ወገን ይቀመጡ። እናንተም ስታሳዩ ከፊታቸው ቆማችሁ ጠረጴዛ ላይ አትደርድሩ። ሰሌዳው ላይ መስመሩን አስምሩና እስሩን እዚያው ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩ።

ደረጃ 1፦ ቆጥሮ ማሰር

1. ለእያንዳንዱ ዴስክ 34 ልቅ ጭራሮ ስጡ። ስንት እንደሆነ አትናገሩ። የቀረውን 16 ጭራሮ ከእናንተ ዘንድ አስቀምጡት።

2. «ስንት ነው?» በሉ። አንዱ ይቁጠር፣ ከዚያ ሌላው ይቁጠር። ብዙ ዴስክ ላይ ሁለት የተለያየ መልስ ይመጣል። አታርሙ። «እኔ ነኝ ትክክል፣ አንተ ደግመህ ቆጠርክ» መባባል ሲጀምሩ ልክ ናችሁ። ማሰር ለምን እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

3. ሥራ ክፈሉ። አንዱ አስር ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ያንኑ ደግሞ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ያስራል። ከእያንዳንዱ እስር በኋላ ሥራ ይቀያየሩ። ሁለተኛው ሳይቆጥር ማንም አያስር።

4. «አስር ሲሞላ ይታሰራል፣ ካልሞላ አይታሰርም» የሚለውን ሕግ ተናገሩና አስደግሙ።

እኔ የታሰረውን «እስር»፣ ያልታሰረውን «ነጠላ» እላለሁ። እስር ጎመን የማያውቅ ልጅ የለም። «ነጠላ» ስል መጀመሪያ ቀን ሳቁ፤ አንዷ የእናቷን ነጠላ ነው ያሰበችው። ሳቃቸውን ጨርሰው ቀጠልን። «እስር» እና «አስር» በጆሮ መቀራረባቸው እዚህ ጥቅም ነው። «እስር ሁሉ አስር ነው» የምትለውን ልጆቹ ቶሎ ይይዟታል።

*ሲበላሽ፦* የተረፉትን አራት ጭራሮዎች በግድ የሚያስር ዴስክ አይጠፋም። ላስቲክ እጁ ላይ ስላለ ነው። አትቆጡ። «እስር ሁሉ ምንድነው?» በሉ። «አስር።» «ቁጠርልኝ።» ቆጥሮ ራሱ ይፈታዋል።

ዘጠኝ ወይም አስራ አንድ የታሰረበት እስርም ይኖራል። ሁሉንም መፈተሽ አትችሉም፣ ግን አንድ ዘዴ አለ። ሁሉም ዴስክ 34 ስለወሰደ መጨረሻ ላይ ሦስት እስርና አራት ነጠላ መውጣት አለበት። ነጠላው አምስት ወይም ሦስት የሆነበት ዴስክ ላይ ብቻ ሂዱ። ጭራሮ መሬት ላይ ካልወደቀ አንዱ እስር ውስጥ ስህተት አለ።

ደረጃ 2፦ ምንጣፉ ላይ ማስቀመጥ

1. እስሮቹ ከግራ፣ ነጠላዎቹ ከቀኝ ይቀመጡ።

2. በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። «ስንት እስር?» ሦስት። «ስንት ነጠላ?» አራት። «ሦስት አስርና አራት አንድ ስንት ነው?» ሰላሳ አራት።

3. ከዚያ በእስሩ ላይ ያስቆጥሩ፦ አስር፣ ሃያ፣ ሰላሳ። ወደ ነጠላው ሲሻገሩ፦ ሰላሳ አንድ፣ ሰላሳ ሁለት፣ ሰላሳ ሦስት፣ ሰላሳ አራት። ጣት እያሳረፉ።

ሦስተኛው ላይ «አስር፣ ሃያ፣ ሰላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ…» እያለ ነጠላዎቹንም በአስር የሚቆጥር ልጅ ይኖራል። መስመሩ ላይ ሲደርስ እጁን ያዙት። ትንሽ ቆም በሉ፣ አንዷን ነጠላ አንሱና «ይቺ አስር ናት?» በሉ። ያ ቆም ማለት ብቻውን ብዙውን ያስተካክላል።

የአማርኛ የቁጥር ስም ራሱ የሚያመጣው ጣጣም አለ። «አስራ አራት» ስትሉ አስሩም አራቱም ይሰማል። «ሃያ» ውስጥ ግን ሁለት አይሰማም። «ሰላሳ» እና «ስልሳ» ደግሞ ልጅ ጆሮ ላይ አንድ ናቸው፤ 30 በሉ ስትሉ 60 የሚጽፍ ልጅ ሁልጊዜ አለ። መድኃኒቱ እስሩ ነው። ስልሳን ለመሥራት ስድስት እስር ስለሚያስፈልግ ሁለት ዴስክ ያዋጣ። በአንድ እጃችሁ ሦስት እስር፣ በሌላው ስድስት እስር ከፍ አድርጉ። «ሦስት አስር፣ ሰላሳ። ስድስት አስር፣ ስልሳ።» በየቀኑ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ከጭራሮ ወደ አሃዝ

«ሰላሳ አራት» በጽሑፍ 304 የሚሆንባቸው ልጆች አሉ። ስንፍና አይደለም። ሰላሳ ሲሰሙ 30 ጻፉ፣ አራት ሲሰሙ 4 ጨመሩ። የሰሙትን በሙሉ ነው የጻፉት። ስለዚህ «ተሳስተሃል» ማለት አይረዳም።

1. ከካርቶን ሁለት ዓይነት ካርድ ቁረጡ። 10፣ 20፣ 30፣ 40 የተጻፈባቸው ሰፊ ካርዶች፣ ከ1 እስከ 9 የተጻፈባቸው ጠባብ ካርዶች። ጠባቡ የሰፊው ግማሽ ይሁን።

2. ልጁ ሦስት እስርና አራት ነጠላ ምንጣፉ ላይ ያስቀምጥ። በእስሮቹ ሥር የ30 ካርድ፣ በነጠላዎቹ ሥር የ4 ካርድ ያድርግ።

3. የ4ን ካርድ አንስቶ የ30 ዜሮ ላይ ይደርበው። 34 ይነበባል።

4. «ዜሮው የት ሄደ?» በሉ። ካርዱን ገልጦ ያሳያችኋል። ደግሞ ይደርብ፣ ደግሞ ይግለጥ።

5. አሁን ደብተሩ ላይ 34 ይጻፍ።

ለመላው ክፍል ካርድ መቁረጥ አድካሚ ነው። ለሰሌዳ የሚሆን አንድ ትልቅ፣ 304 ለሚጽፉት ልጆች ደግሞ አራት አምስት ትንንሽ ካዘጋጃችሁ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ መልመጃ ወረቀቱ

ወረቀቱ ከምንጣፉ ጋር መመሳሰል አለበት። አስር ከግራ፣ አንድ ከቀኝ። ምንጣፉ ላይ «አስር» ብላችሁ ወረቀቱ ላይ «አስሮች ቤት» አትበሉ። ለእናንተ አንድ ነው፣ ለልጁ አዲስ ነገር ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ አዘጋጁና ከመሃል ቁረጡት፤ የፎቶ ኮፒው ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ፎቶ ኮፒ ከሌለ ሰሌዳ ላይ አስምሩና ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት፣ ግን ይህን ከአንድ ቀን በፊት አሠሯቸው።

| | የአስር ስዕል | የአንድ ስዕል | አስር | አንድ | ቁጥር |
|---|---|---|---|---|---|
| 1 | | | | | 23 |
| 2 | | | | | 32 |
| 3 | | | | | 40 |
| 4 | | | | | 7 |
| 5 | 2 እስር ተስሏል | 14 ነጠላ ተስሏል | | | |
| 6 | | | | | |

አሠራሩ በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ይሁን፦ መጀመሪያ በጭራሮ ይሠራል፣ ከዚያ ይስላል፣ ከዚያ ሳጥኖቹን ይሞላል። ጭራሮ ሳይነካ ሳጥን የሚሞላ ልጅ አሃዙን ለሁለት ሰንጥቆ እየገለበጠ ነው። 23ን አይቶ 2 እዚህ፣ 3 እዚያ። ሁሉንም አግኝቶ ምንም ሳይገባው ይወጣል። እርሳሱን ዴስኩ ላይ አስቀምጡና «መጀመሪያ ሥራው» በሉት።

ስዕሉ አጭር ይሁን። እስር ማለት ረጅም ቁልቁል መስመር ሆኖ ወገቡ ላይ ትንሽ ቀለበት ያለው። ነጠላ ማለት አጭር መስመር። አስሩንም ጭራሮ ቁጭ ብሎ የሚስል ልጅ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ይሳል፣ ከዚያ በአጭሩ።

አንደኛውና ሁለተኛው ረድፍ ሆነ ተብሎ ነው የተከታተሉት። 23 እና 32 ሲሠሩ ምንጣፉ ላይ ያለውን ለውጥ ያዩታል። 32 ላይ አንድ እስር ተጨምሮ አንድ ነጠላ ይወጣል። ቢቻል ሁለቱን ቁጥሮች በሁለት አጎራባች ዴስክ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

40 ላይ የአንድ ቤት ባዶ ነው። ሳጥኑን ባዶ ይተዉታል። «ስንት ነጠላ አለ?» በሉ። «ምንም» ሲሉ «ምንም በቁጥር ስንት ነው?» በሉ፤ 0 ይጻፍ። 7 ላይ ግን በአስር ሳጥን 0 ይጻፍ፣ ቁጥሩ ራሱ 7 ብቻ ሆኖ ይቅር። 07 የሚጽፍ ካለ ስልክ ቁጥር መሆኑን ንገሩትና እለፉ።

ወሳኙ አምስተኛው ረድፍ ነው። ሁለት እስርና አስራ አራት ነጠላ። የአንድ ሳጥን ውስጥ 14 ብሎ፣ ቁጥሩን 214 የሚጽፍ ልጅ ይኖራል። ጭራሮው ላይ መልሱት። «አስር ሲሞላ ምን ይደረጋል?» አስር ቆጥሮ ያስራል፣ እስሩን መስመሩን አሻግሮ ወደ ግራ ያስቀምጣል። ሦስት እስር፣ አራት ነጠላ። 34። ያሰረውን እስር ራሱ በእጁ ያሻግር፤ እናንተ ካሻገራችሁለት አልሠራውም።

ስድስተኛው ረድፍ ላይ ልጁ ከ50 በታች የሆነ ቁጥር ራሱ ይመርጣል፣ ጎረቤቱ ያርመዋል። ሦስቱ ልጆች በአንድ ዴስክ ጭራሮ ስለሚጋሩ ተራ በተራ ይሠራሉ። ጭራሮ የሌለበት የቀደመውን ረድፍ ስዕል ይጨርስ።

54 ወረቀት ሁሉንም ማረም አያስፈልግም። መጀመሪያ 5ኛውን ረድፍ ብቻ ተመልከቱ። እሱን ያገኘ ሌላውን ብዙ ጊዜ አግኝቶታል። 5ኛውን የሳተውን ለይታችሁ ሙሉውን አንብቡ።

ደረጃ 5፦ ጥያቄዋ

ወረቀቱን በሙሉ ያገኘች ልጅ ነበረችኝ። ስድስቱም ረድፍ ልክ። ጠራኋት። 25 በጭራሮ ሠራች፣ በወረቀት ጻፈች። 5ቷ ላይ ጣቴን አድርጌ «ይቺ የትኞቹ ናት?» አልኳት። አምስቱን ነጠላ ወደኔ ገፋች። 2ቷ ላይ ጣቴን አደረግሁ። «ይቺስ?» ወደ ጭራሮ ማስቀመጫው ሳጥን ሄዳ ሁለት ልቅ ጭራሮ አውጥታ ነጠላዎቹ አጠገብ አስቀመጠች። ሁለቱ እስር አጠገቧ ናቸው፤ አላየቻቸውም።

ይህ ሲገጥማችሁ አታስረዱ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከሳጥን የመጣውን ሁለት ጭራሮ መልሱ። «25 ነው የሠራሽው። አምስቱን ወስጃለሁ። የቀረው ስንት ነው?» በሉ።

2. ላስቲኮቹን ትፍታ። የቀረውን አንድ በአንድ ትቁጠር። ሃያ።

3. «ይህ ሃያ ወረቀቱ ላይ የት ተጻፈ?» እዚህ ዝም በሉ። ረጅም ይሆናል። የኔዋ ልጅ ወረቀቱን አዙራ ጀርባውን ሁሉ አየች። ከዚያ 2ቷ ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ «ቲቸር፣ እስሮቹ ናቸው እንዴ?»

4. መልሳ ትሰር። ከዚያ በሌላ ቁጥር ጠይቁ፣ በማግስቱ ደግሞ በ31 ወይም በ13። ያን ዕለት ብቻ ያገኘ ልጅ ማግስቱን ሊረሳው ይችላል።

54ቱንም በአንድ ቀን መጠየቅ አይቻልም። ሌሎቹ ሲሠሩ በቀን ስምንት ዘጠኝ ልጅ ጥሩ። በስድስት ሰባት የትምህርት ቀን ያልቃሉ።

ያገኙት ልጆች ቁጭ ብለው አይጠብቁ፤ ይህን ይሥሩ። 25 አለ፣ 6 ነጠላ ጨምሩ። ነጠላው 11 ሆነ፤ አስሩ ይታሰራል፣ ይሻገራል፣ 31። አሁን ከ31 ለጎረቤት 4 ስጡ። ነጠላ አንድ ብቻ ነው ያለው። «አይበቃም» ይላሉ። አንድ እስር ይፈታ፤ ሁለት እስር፣ አስራ አንድ ነጠላ። አራት ይሰጣል፣ 27 ይቀራል። ብድር ያለበት ቅነሳ ሲመጣ የሚያስታውሱት ይህን መፍታት ነው። ሳይፈታ ከእስሩ ውስጥ አራት ጭራሮ መዝዞ የሚሰጥ ልጅ ካያችሁ መልሱ ትክክል ቢሆንም አስቁሙት፤ ስድስት ጭራሮ የያዘ እስር አስር ቤት ላይ ተቀምጦ ቀርቷል።

መሰብሰብ

ደወል ከመደወሉ አምስት ደቂቃ ሲቀር ዴስኩ ሁሉ አምስት እስር አድርጎ ይመልስ። የያዙት 34 ብቻ ከሆነ የቀረውን 16 መልሳችሁ ስጧቸው። አምስተኛው እስር ሳይሞላ ከቀረ ጭራሮ ጠፍቷል፤ ዴስክ ሥር ይፈለግ። መቁጠር አያስፈልጋችሁም፣ እስሩ ይነግራችኋል። ላስቲኩን ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት፤ በተለይ የኮምቦልቻ ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የታሰረውን ስታድሉ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ፍቱት» ይሁን።